ደማቁ ፎቶ ወይስ የሚያስርበው? ለሜኑ ፎቶ ስንመርጥ

«ሰላም። ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ፤ አዲስ ሜኑ ላሳትም ነው። ለሩዝ በፍየል፣ ለጥብስ እና ለበያይነቱ ሁለት ሁለት ፎቶ አለኝ። አንዱን ከፍዬ ያስመጣሁት ፎቶ አንሺ፣ ሌላውን የአክስቴ ልጅ በስልኩ ነው ያነሳው። የፎቶ አንሺው ደማቅ ነው፣ ያምራል። የስልኩ ጨለም ያለ ነው፣ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ግን እኔን የሚያስርበኝ የስልኩ ነው። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ስድስቱንም ልኬልሃለሁ፤ በምን ልምረጥ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ፍርዴን ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ይከተላል። ለሩዙ የስልኩን ውሰጂ። ለጥብሱ የፎቶ አንሺውን ውሰጂ፤ ግን የላከልሽን ሳይሆን ከማሳመሩ በፊት ያለውን ዋናውን ፋይል ጠይቂው። በያይነቱ ላይ ሁለቱም አልተሳካላቸውም፣ እንደገና ይነሳ።

ቤተሰብሽ የተከፈለው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስላየ ይመስለኛል። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲሆን ዓይን ወደ ብሩሁ ይሮጣል። ቀለሙ የጎላው «ጥሩ»፣ ሌላው «የደበዘዘ» ይባላል። ደንበኛሽ ግን ሁለቱን አያወዳድርም። ከፊቱ የሚቀርብለት አንዱ ብቻ ነው፣ ያውም በትንሹ ታትሞ። ስለዚህ አንዱን እይው፣ ዝጊው፣ ሌላ ሥራ ሥሪ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ክፈቺ። ስልክሽ ላይ አታሳድጊው። ሜኑው ላይ ስምንት ሴንቲ የሚሆን ከሆነ በስምንት ሴንቲ እይው።

እኔ ሁለት ፎቶ ስመዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጉድለት በኋላ ይታረማል ወይስ አይታረምም? ፎቶው በአንድ ወጥ ብርሃን ተነስቶ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ካዘነበለ ይታረማል። መጠነኛ ጨለማም ይታረማል። ቀዝቅዞ ስቡ የረጋ ሥጋ ግን በኮምፒውተር አይሞቅም። በብርሃን ብዛት ነጭ ሆኖ የጠፋ ሩዝ ፍሬው አይመለስም። ሳህን ላይ የሌለ ነገር አይጨመርም፤ ቢጨመርም ውሸት ነው። ለዚህ ነው ቀለምን መጨረሻ ላይ የማየው። መጀመሪያ ምግቡ፣ ቀጥሎ አቀማመጡ፣ ከዚያ ቀለሙ። አብዛኛው ሰው ግን የሚጀምረው ከቀለሙ ነው።

ወደ ሩዙ እንምጣ። የፎቶ አንሺው ሩዝ በትልቅ ነጭ ሳህን መሃል ተቀምጧል። ከላይ ቀጥ ብሎ ነው የተነሳው። ዙሪያው ሰፊ ባዶ ነው። በቲማቲም ልጣጭ የተሠራ አበባ አለ፤ እሱን ደግሞ ወጥ ቤትሽ ለደንበኛ አይሠራም ብዬ እገምታለሁ። ሥጋው አጥንቱን ወደ እኛ አዙሯል። ከሁሉ የባሰው የሩዙ የላይኛው ክፍል ነው። ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ይመስላል፣ ፍሬ ከፍሬ አይለይም።

ይህን አንቺም መፈተሽ ትችያለሽ። ፎቶውን በስልክሽ ማስተካከያ ክፈቺና ብርሃኑን ቀንሺው። የሩዙ ፍሬ ብቅ ካለ መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ይድናል። ነጩ ዝም ብሎ ወደ ለስላሳ ግራጫ ከተለወጠ ግን እዚያ ቦታ ላይ የተቀዳ ነገር የለም። የዚህን ሩዝ ሞክሬዋለሁ፣ ግራጫ ነው የሆነው። ምናልባት ዋናው ፋይል ላይ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ግን ቢሻልም አጥንቱ እና ባዶው ሳህን እዚያው ናቸው።

ስለ ሳህኑ ትንሽ ልበል። ያው ምግብ ሰፊ ሳህን ላይ ሲሆን ያነሰ፣ ጠበብ ያለ ሳህን ላይ ሲሆን የበዛ ይመስላል። ይህ የዓይን ስህተት ዴልቦፍ በሚባል የቤልጅየም ሰው ስም ይጠራል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆቴል ውስጥ ትንሽ ምግብ በትልቅ ነጭ ሳህን ማቅረብ የክብር ምልክት ሊሆን ይችላል። የድሬ ሰው ሩዝ በፍየል ሲያዝ ግን የሚፈልገው ትሪው ሞልቶ እንዲመጣ ነው። ስለዚህ ያ ፎቶ ውብ ሆኖ ሳለ «ትንሽ ነው፣ ውድ ነው» ይላል። ለሌላ ቤት ይሆናል። ላንቺ ቤት አይሆንም።

የስልኩ ሩዝ ደግሞ በምትሸጪበት ትሪ ላይ ነው። እስከ ጠርዙ ደርሷል። የተነሳው ከጎን ከፍ ብሎ ነው፣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ምግብ ሲቀርብለት በሚያይበት ማዕዘን። ክምር ያለው ምግብ እንዲህ ሲነሳ ቁመቱ ይታያል፤ ከላይ ሲነሳ ይደፈጠጣል። ልጁ አውቆም ይሁን ሳያውቅ ሥጋውን በተፈለቀቀበት በኩል አዙሮታል። የሥጋው ክር ይታያል፣ እርጥብ ነው፣ ጫፉ ላይ ወዙ ያብለጨልጫል። ሙዙ ከጎን አለ፣ የሚያቃጥለው ማባያ ቢስባስ በትንሽ ሳህን አለ፣ የተቆረጠ ሎሚ አለ። አንቺን ያስራበሽ ይኸው ነው። ዓይንሽ አልተሳሳተም።

ስለዚያ ወዝ ግን ልቆይ። የምግብ ፎቶ ላይ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሰው እንፋሎት ይመስለዋል። እንፋሎት ግን ለዓይን የሚታየው አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከኋላውም ጠቆር ያለ ነገር ሲኖር ነው። በድሬ የቀን ሙቀት ትኩስ ምግብ እንኳ እምብዛም ሲጨስ አይታይም። ስለዚህ እንፋሎት ፍለጋ አትድከሚ፤ «ትኩስ ነው» የሚለውን መልእክት የሚያደርሰው ወዙ ነው። ወዝ ደግሞ እንዲታይ ብርሃኑ ከምግቡ ጎን ወይም ከኋላው በኩል መምጣት አለበት። የስልኩ ፎቶ ላይ የሎሚውን ጥላ እይው። ጥላው ወደ እኛ ዞሯል። ብርሃኑ ከወዲያ በኩል ነው የገባው ማለት ነው። የሥጋው ጠርዝ ያበራው ለዚህ ነው።

አሁን አረንጓዴው። በረንዳሽ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ክዳን እንዳለ ከፎቶው ጥግ ይታያል። የቀን ብርሃን በእሱ ውስጥ ሲያልፍ አረንጓዴ ሆኖ ይወርዳል። ከዚራ ላይ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፤ ቅጠሉም እንዲሁ ያደርጋል። ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳም ወደ ምግቡ ሰማያዊ ይረጫል። ዓይናችን ይህን ይለምደውና አያየውም፣ ካሜራው ግን ይቀዳዋል። ሥጋ ላይ አረንጓዴ ሲያርፍበት ደግሞ ቡናማው ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ያደረ ሥጋ ያስመስለዋል። ቤተሰቦችሽ «ደስ አይልም» ያሉት ለዚህ ነው፣ እነሱም ልክ ናቸው።

ግን ይታረማል፣ ምክንያቱም አረንጓዴው ትሪው ላይ ሁሉ እኩል ነው። ስልክሽ ላይ Snapseed ካለ ፎቶውን ክፈቺ፣ ከመሣሪያዎቹ White Balance የሚለውን ንኪ። መምረጫዋን አውጥተሽ በእውነት ነጭ ወይም ግራጫ መሆን ያለበት ነገር ላይ አሳርፊያት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሩዙን ይነካል። ሩዝሽ ቅመም ያለበት ነው፣ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ይላል። እሱን ነጭ ነው ብለሽ ለስልኩ ከነገርሽው ስልኩ ቢጫውን ለማጥፋት ሁሉን ነገር ሰማያዊ ያደርገዋል። እንጀራም አይሆንም። የቢስባሱ ትንሽ ሳህን ነጭ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለውን ጠርዙን ንኪ። በቃ ካልሆነ Tint የሚለውን ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊው በኩል ጥቂት ግፊው። የት እንደምታቆሚ ሙዙ ይነግርሻል። የሙዝ ቢጫ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሙዙ ሙዝ ሲመስል አቁሚ።

ብርሃኑ ድብልቅ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር። በአንድ በኩል ከበር የገባ የቀን ብርሃን፣ በሌላ በኩል ቢጫ አምፖል ካለ የትሪው ግማሽ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። አንዱን ስታርሚ ሌላው ይበላሻል። የዚያ ዓይነቱን ፎቶ እኔ ወዲያው ነው የምጥለው። በሚቀጥለው ጊዜ በቀን ስታነሱ መብራቱን አጥፉ።

ጥብሱ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ልጁ ጥብሱን ያነሳው ማታ ነው፣ በስልኩ ፍላሽ። ፍላሽ ከፊት ይመታል፣ ጥላ አይተውም፤ ሥጋው ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህ ብቻ ቢሆን ባላለቀስኩ። ችግሩ ምግቡ ቀዝቅዟል። ሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይታይሻል? ስብ ነው፣ ረግቷል። የፍየልም የበግም ስብ ከሰውነት ሙቀት በላይ እያለ ነው መርጋት የሚጀምረው። የድሬ ሙቀትም አያድነውም፣ አየሩ 35 ዲግሪ ቢሆንም ይረጋል። ምግቡ ከምድጃ ወጥቶ ሰዉ ቦታ ሲያስተካክል፣ ጠረጴዛ ሲጠርግ፣ ስልክ ሲፈልግ ወዙ ወደ ደብዛዛ ንጣፍ ይቀየራል። ሽንኩርቱም ይተኛል። ይህን ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

የፎቶ አንሺው ጥብስ ትኩስ ነው። ብርሃኑ ከግራ ገብቷል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ጎን እና የራሱ ጥላ አለው። ቃሪያው አልተኛም። ሮዝመሪው አልጠቆረም። አቀማመጡም ጥሩ ነው፤ ጥቁር ሸክላው ባለ አበባ የጠረጴዛ ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን ነጣ ያለ እንጨት ላይ ነው ያረፈው። ጥብስ ቡናማ ነው፣ ሸክላው ጥቁር ነው፤ ከሥሩ ሌላ ጥቁር ነገር ቢሆን ሁሉም አንድ ላይ ይሰጥም ነበር። የቃሪያው አረንጓዴ ደግሞ ቀዩን ያወጣዋል። ሦስት አራት ቁራጭ ይበቃል። ቃሪያ ማብዛት ሥጋውን ማሳነስ ነው።

ታዲያ ለምን ዋናውን ፋይል ጠይቂ አልኩሽ? ቀለሙን ስለገፋው። ፎቶውን ሰፋ አድርጊና ቲማቲሙና በርበሬው ያረፈበትን ቦታ እይ። ቀዩ አንድ ወጥ ቀለም ሆኗል። ዘይቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ሽንኩርቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። ቀይ ምግባችን ሁሉ ይህ ጠባይ አለው። በርበሬ ካሜራ ላይ ቶሎ ይሞላል፣ ትንሽ ሲገፉት ዝርዝሩ ይጠፋል። የቃሪያው አረንጓዴም የሚያበራ ፕላስቲክ ሆኗል። ስልክ ላይ ሲታይ «ዋው» ያሰኛል። ማተሚያ ቤት ሲሄድ ግን ስልክ በብርሃን የሚያሳየውን አረንጓዴ የሕትመት ቀለም አይደርስበትም። ደብዝዞ ይወጣል፤ ቀዩም ወደ ጡብ ቀለም ይወርዳል። ለስለስ ያለው ዋናው ፋይል ወረቀት ላይ የተሻለ ይሆናል።

ፎቶ አንሺውን ስታናግሪው ሥራውን እንዳታጣጥይ። ሥራው ጥሩ ነው። «ለኅትመት ስለሆነ ቀለሙን ሳትጨምር ላክልኝ» በይው፣ ይገባዋል። ሲልክ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ያጨማምቀዋል። ስምንት ሴንቲ ስፋት ላለው ሥዕል በወርዱ ወደ 950 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ሙሉ ገጽ ልታደርጊው ካሰብሽ ከእጥፍ በላይ። የልጁንም ፎቶ ከስልኩ በቀጥታ ተቀበይው።

በያይነቱን ሁለቱም ለምን እንደጣልኩ አጠር አድርጌ ልንገርሽ። በያይነቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ዋናው ውበቱ ቀለሞቹ በየቦታቸው መታየታቸው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ብቻ ከላይ ቀጥ ብሎ ማንሳት ተገቢ ነው። ልጁ ከጎን ነው ያነሳው፣ ምስር ወጡ ፊት ቆሞ ሌላውን ሸፍኖታል። ስልኩንም በጣም አስጠግቶታል፤ በዚያ ርቀት የስልክ ሰፊ ሌንስ የቅርቡን ጠርዝ ያሳብጠዋል። ፎቶ አንሺው ከላይ አንስቷል፣ ግን ቀይ ምስሩ ከቀይ ስሩ ጎን፣ ሽሮው ከክኩ ጎን ተቀምጧል። ተመሳሳይ ቀለም ጎረቤት ሲሆን ሁለት ምግብ አንድ ይመስላል። ሰባት ዓይነት አቅርበሽ አራት የሚታይ ከሆነ ገንዘብሽ ነው የጠፋው። የእንጀራውም ጠርዝ ደርቆ ተነስቷል፤ አየር ላይ ቆይቷል።

እንደገና ሲነሳ እንዲህ አድርጉ። ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። በዚያ ሰዓት ወጥ ቤቱ እየሠራ ነው፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። ከበረንዳው ክዳን ውጡ። ክዳን በሌለበት ሰፊ በር ወይም መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ጠረጴዛ አድርጉ። ፀሐይ የሚገባ ከሆነ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጠላ አንጠልጥሉበት። ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ጥላው ጥቁር ሆኖ አይቆረጥም። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ፎም ወይም ነጭ ካርቶን አቁሙ፤ ያ በጥላው በኩል ያለውን ምግብ ትንሽ ያበራዋል።

መጀመሪያ ባዶ ትሪ አስቀምጣችሁ ሁሉን አዘጋጁ። ስልኩ የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጥጉ ላይ ምን እንደሚገባ ይታወቅ። ስልኩን ራቅ አድርጋችሁ ሁለት እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ተጠቀሙ፤ ትሪው ክብ ሆኖ ይወጣል። አንድ ፎቶ ላይ ነጭ ወረቀት ትሪው አጠገብ አድርጋችሁ አንሱ፤ በኋላ ቀለም ለማረም መነሻ ይሆናችኋል። ምግቡ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንጀራው መጨረሻ ላይ ከመሶብ ይውጣ። ወጡ ሲቀመጥ ቀይ ስር ከጥቅል ጎመኑ ጎን፣ ምስሩ ከአረንጓዴው ጎመን ጎን ይሁን። ሽሮ ሲቆይ ፊቱ ላይ ቆዳ ያወጣል፣ ስለዚህ እሱ መጨረሻ ይጨመር። ጠርዝ ላይ የተንጠባጠበ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የምግቡ መጠን ግን ሁልጊዜ ከምትሸጪው ጋር እኩል ይሁን። ደንበኛ ሜኑውን ከትሪው አጠገብ አስቀምጦ «ይኼ የት አለ?» ካለ አስተናጋጅሽ ምን ትመልሳለች?

ስለ አቀማመጥ አንድ የማምንበት ጥናት አለ። ራያን ኤልደር እና አራድና ክሪሽና የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ማንኪያው ወይም የኩባያው እጀታ ሰው በሚይዝበት እጅ በኩል ሲሆን የመግዛት ፍላጎት ይጨምራል ይላሉ። ሰዉ በሐሳቡ ማንሳት ይጀምራል ማለት ነው። ምግቡ የማይወደድ ዓይነት ሲሆን ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ለእኛ ነገሩ ቀላል ነው። በቀኝ እጅ ነው የምንበላው። ጥቅል እንጀራው በቀኝ ይሁን፣ የሩዙ ማንኪያም መያዣው ወደ ቀኝ ይዙር። ምንም ወጪ የለውም።

ሦስቱ ፎቶ ከተዘጋጁ በኋላ አንድ ላይ አድርገሽ እያቸው። አንዱ ነጣ ያለ እንጨት ላይ፣ አንዱ አረንጓዴ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ከሆነ ሜኑው ከሦስት ቤት የተለቀመ ይመስላል። አቦ፣ ይህን ማንም አይነግርሽም። በያይነቱን በዚያው ነጣ ባለ እንጨት ላይ አንሱት። የሩዙን ፎቶ ደግሞ ትሪው ፍሬሙን እስኪሞላ ድረስ ቁረጪው፤ የበረንዳው ጥግ ይወጣል። በዚያው ጠዋት ጊዜ ከተረፈ ሩዙንም በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ትሪ ድገሙት። የተሻለ ከወጣ የበፊቱን ልቀቂው።

ሙሉውን ሜኑ ከማዘዝሽ በፊት አንድ ገጽ ብቻ አሳትሚ። በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ላሚኔሽን። ስልክ የራሱ ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ይወጣል። የታተመውን ይዘሽ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ አንድ ጊዜ በቀን በረንዳው ላይ፣ አንድ ጊዜ ማታ በመብራት። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን ከመረጥሽ የጣሪያው መብራት ሥዕሉ ላይ ያርፋል፣ ግማሹ አይታይም። የማያብለጨልጨው ማት ላሚኔሽን ቀለሙን ትንሽ ያለዝበዋል፣ ግን ይነበባል። አረንጓዴው ክዳን ሥር ደግሞ የታተመውም ፎቶ አረንጓዴ ይመስላል። ለእሱ ብለሽ ፎቶውን ቀይ አታድርጊው። ደንበኛው እዚያ ሲቀመጥ ዓይኑ ይለምደዋል።

አሁንም ቤተሰቡ ከተከራከረ ለደንበኛ ስጪው። ግን «የትኛው ፎቶ ያምራል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ሰው ሐያሲ ይሆናል። ለአንዱ ደንበኛ አንዱን ብቻ አሳዪ፣ ለሌላው ሌላውን። ስም እና ዋጋው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት ነገር ጠይቂ፤ «ዛሬ ይህን ታዛለህ?» እና «ለስንት ሰው ይበቃል ትላለህ?»። ሁለተኛው ጥያቄ ጠቃሚ ነው። አንዱ ፎቶ ለአንድ ሰው የሚበቃውን ለሁለት ካስመሰለ ቅሬታ እያተምሽ ነው።

ሰዓቱን ምረጪ። ከምሳ በፊት ይሁን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ርቦት ሲገባ። ከሰዓት በኋላ በፍጹም አትሞክሪው። ከበርጫ የመጣ ሰው ምንም ዓይነት ሥጋ ብታሳዪው አያምረውም፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ረቡዕ እና ዓርብ ጥብሱን ለጿሚ አታሳዪ፣ በረመዳን ቀን ደግሞ ለሚጾም ሰው ማሳየቱ ራሱ ነውር ነው።

ከዚያም የሚበልጥ ማስረጃ ከፈለግሽ ቢልሽን ተመልከቺ። አንድ ሳምንት የሩዙን አንዱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አድርጊ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን። ስንት ሩዝ እንደተሸጠ ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው ትእዛዝ ስንተኛው እጅ ሩዝ እንደሆነ ቁጠሪ፤ አለበለዚያ ብዙ ሰው የገባበት ሳምንት ያሸነፈ ይመስልሻል። ሰኞን ከሰኞ፣ ቅዳሜን ከቅዳሜ ጋር አስተያዪ። የደመወዝ ሳምንትን እና የበዓል ሰሞንን ተያቸው። ልዩነቱ የሁለት ሦስት ትሪ ከሆነ ምንም አይነግርሽም፤ ያኔ አንቺን ያስራበሽን አሳትሚ።